ሁለት የሪፈር ወረቀቶች፦ እግሩ ያበጠና ሽንቱ አረፋ የሚያወጣ ወጣት ጉዳይ

የመጀመሪያው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የ24 ዓመት ወንድ። የእግር እብጠት። ሽንት ላይ ፕሮቲን አራት ፕላስ። ክሪያቲኒን 0.9። የኩላሊት በሽታ ተጠርጥሯል። ለተሻለ ሕክምና ተልኳል።» ቀኑ የካቲት 1 ነው፤ ፊርማም ማህተምም አለው። ወጣቱ ይህን ይዞ የካቲት 3 ቀን ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ሄደ። ወረቀቱን የተቀበለው ክፍል አነበበና ለመጋቢት 22 ቀጠሮ ሰጠው፤ ሰባት ሳምንት መሆኑ ነው። ወረቀቱን ብቻ ላነበበ ሰው ቀጠሮው ያለ ምክንያት የተሰጠ አይደለም። የኩላሊት መለኪያ የሆነው ክሪያቲኒኑ ጤናማ የሆነ ወጣት እግሩ አብጧል ከማለት ያለፈ ነገር አይናገርምና።

ወጣቱ የሚኖረው ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ሥራው ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ነው። የካቲት 5 ቀን ከታላቅ ወንድሙ ጋር ወደ ላከው ጤና ተቋም ተመለሰ፤ ጫማው አልገባ ብሎት በሸበጥ ነበር የመጣው። የዚያን ቀን ያገኘችው ጠቅላላ ሐኪም ቀጠሮውን ካየች በኋላ ደውላ ቀን ለማሳጠር አልሞከረችም። ወረቀቱን እንደ አዲስ ለመጻፍ ወሰነች፤ ለዚያ ደግሞ ታካሚውን እንደ አዲስ መጠየቅና መመርመር ነበረባት።

ከታሪኩ ጀመረች። «እብጠቱ መጀመሪያ የታየህ የት ላይ ነው?» ስትለው እግሩን አሳያት። ወንድሙ ግን «ኧረ ዶክተር፣ መጀመሪያ ፊቱ ነው። ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ አይገለጥም ነበር» አለ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ያወጣል። ልብ ሲደክም እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእግር ይጀምርና ሰውየው ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። ጉበት ሲጎዳ ሆድ ቀድሞ ውሃ መቋጠሩ ይበዛል። ጠዋት በዓይን ቆብ ታይቶ ከሰዓት በኋላ ወደ እግር የሚወርድ እብጠት፣ ጋደም ሲሉም ትንፋሽ የማያሳጥር ከሆነ፣ መጀመሪያ ወደ ኩላሊት ያስጠረጥራል። ፊቱ ያበጠው ታኅሣሥ 20 ገደማ ነው፤ እግሩ ከሳምንት በኋላ ተከተለ።

ስለ ሽንቱም እንዲሁ ተጠየቀ። ቤታቸው ያለው የጉድጓድ መጸዳጃ ስለሆነ አረፋ ቢኖርም አይታይም። ወጣቱ ያስተዋለው ሌሊት በሚጠቀምበት ፖፖ ውስጥ ነው፤ አረፋው እስከ ጠዋት ሳይጠፋ ያድራል። ማንኛውም ሽንት በኃይል ሲወርድ አረፋ ያወጣል፤ ግን ወዲያው ይከስማል። የማይከስመው አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን አብሮ ሲፈስ ነው፤ እንቁላል ነጩን መትቶ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይስተውም።

ከዚያ ወደ መድኃኒት ጥያቄ አለፈች፤ የመጀመሪያው ወረቀት ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነበር። «መድኃኒት ወስደሃል?» ተብሎ የካቲት 1 ቀን ሲጠየቅ «አልወሰድኩም» ብሎ ነበር። አልዋሸም፤ በእርሱ ግምት መድኃኒት ማለት ለዚህ ሕመም ተብሎ ከመንግሥት ሆስፒታል የሚሰጥ ነው። ሐኪሟ ጥያቄውን ከፋፈለችው። ለወገብ ሕመም? ለጥርስ? ከፋርማሲ በራስህ የገዛኸው? መርፌ? የባህል መድኃኒት? ፊት የሚያቀላ ክሬም? የመጨረሻው ጥያቄ ትርፍ አይደለም። አንዳንዶቹ የቆዳ ማቅያ ክሬሞች ሜርኩሪ ስላለባቸው ይህንኑ ዓይነት የፕሮቲን መፍሰስ ያመጣሉ። ክሬምም የባህል መድኃኒትም አልነካም። ወንድሙ ግን ቤት ደርሶ የኪኒን ማሸጊያዎችን በፌስታል ይዞ መጣ።

ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው ዲክሎፌናክ 50 ሚሊግራም ነው። ብሎኬት ሲያነሳ ወገቡን ስላመመው ከኅዳር 25 እስከ ታኅሣሥ 16 በቀን ሦስት ጊዜ ወስዶታል። እብጠቱ የጀመረው ካቆመ ከአራት ቀን በኋላ ነው። ዲክሎፌናክና ዘመዶቹ የኩላሊት ማጣሪያውን በመጉዳት፣ ብዙ ፕሮቲን በሽንት ፈስሶ ሰውነት የሚያብጥበትን ኔፍሮቲክ ሲንድሮም ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ እዚህ ግን ምክንያቱ እርሱ ነው ለማለት የሚያስችል ማስረጃ የለም። ቀኑና መጠኑ ተጽፎ ፍርዱ ለስፔሻሊስቱ ይተዋል። ሁለተኛው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ፣ ባለ 5 ሚሊግራም ነው። በሰፈሩ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ «አለርጂ ነው» ብሎ በቀን አራት ፍሬ፣ ከጥር 18 እስከ ጥር 26 ለዘጠኝ ቀን ሰጥቶታል። ፊቱ ትንሽ ጎደለለት፤ ኪኒኑ ሲያልቅ ተመልሶ አበጠ።

ይህ ዘጠኝ ቀን ባይጻፍ ምን ይበላሻል? ስፔሻሊስቱ የኩላሊቱን ናሙና ሲያነብም ሆነ ታካሚው ለመድኃኒት የሰጠውን ምላሽ ሲመዝን፣ ታካሚው ከዚህ በፊት ስቴሮይድ እንዳልነካው አድርጎ ያስባል። ታካሚው ራሱ በሌላ ቀን «ፕሬድኒሶሎን ወስጄ አልሠራልኝም» ካለ ደግሞ ስቴሮይድ የማይበግረው በሽታ ተብሎ ሊመዘገብና ወደ ከበዱ መድኃኒቶች ሊታለፍ ይችላል። የወሰደው ግን በቀን 20 ሚሊግራም፣ ማለትም ለአዋቂ ከሚታዘዘው አንድ ሦስተኛው ገደማ ነው፤ ያውም ለዘጠኝ ቀን ብቻ። አልሠራም ለማለት በቂ ሙከራ አይደለም። ይህን ለማለት የሚቻለው ግን መጠኑና ቀኑ ወረቀቱ ላይ ከሰፈረ ነው።

ቀጥሎ ክብደት። የካቲት 1 ቀን 69 ኪሎ ነበር። ወጣቱ ከእብጠቱ በፊት በኅዳር ወር ለሥራ ቅጥር ተመዝኖ 58 ኪሎ እንደነበር ያስታውሳል። ስለዚህ 11 ኪሎ ገደማ ውሃ ተሸክሟል ማለት ነው። የቀድሞው ክብደት መጻፍ ያለበት ለታሪክ ብቻ አይደለም። ፕሬድኒሶሎን የሚታዘዘው በኪሎ 1 ሚሊግራም ተብሎ ሲሆን መሠረቱ የሰውየው እውነተኛ ክብደት እንጂ የተጠራቀመው ውሃ አይደለም። በ69 ከተሰላ 70 ሚሊግራም፣ በ58 ከተሰላ 60 ሚሊግራም ይሆናል፤ ለሳምንታት በየቀኑ ለሚዋጥ መድኃኒት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

በአካል ምርመራው የደም ግፊቱ 118 በ76፣ የአንገት ደም ሥሩ ያልተወጠረ፣ ጉበቱ ያልተለቀ፣ ዓይኑ ቢጫ ያልሆነ ነው። እግሩ እስከ ጭኑ ድረስ ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ የዘር ፍሬ ከረጢቱም አብጧል። ሽፍታም የመገጣጠሚያ እብጠትም የለም። ሐኪሟ የሁለቱን ባቶች ዙሪያ በሜትር ለካች፤ ቀኙ 38፣ ግራው 39 ሴንቲሜትር። ሁለቱም እግር ባበጠበት ሰው ይህ ትርፍ ሥራ ሊመስል ይችላል። በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን በጣም ሲወርድ ግን ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉ ፕሮቲኖችም አብረው በሽንት ስለሚወጡ ደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። አንዱ ባት ከሌላው ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ከበለጠ ወይም ካመመ ጉዳዩ የቀጠሮ መሆኑ ይቀርና የድንገተኛ ይሆናል። ዛሬ የተለካው ቁጥር ነገ ለሚለካው ማነጻጸሪያ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ክሪያቲኒን 0.9 መባሉ አንባቢውን አሳስቷል። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ሲሆን የሚናገረው ኩላሊቱ ቆሻሻን ምን ያህል እያጣራ እንደሆነ ነው። ማጣሪያው ቀዳዳው ሰፍቶ ፕሮቲን እያፈሰሰም ቢሆን ቆሻሻን ማስወጣቱን ሊቀጥል ይችላል፤ እንዲህ ያለው ወጣት በክሪያቲኒን ሲታይ ጤነኛ ነው። መታየት የነበረበት የደም አልቡሚን ነው። ውጤቱ 1.7 ግራም በዴሲሊትር መጣ፤ ጤናማው ከ3.5 በላይ ነው። ኮሌስትሮሉ 384 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ጉበት የጎደለውን አልቡሚን ለመተካት ሲሯሯጥ ስብም አብሮ ስለሚያመርት ይህ የሚጠበቅ ነው።

የፈሰሰውን ፕሮቲን መጠን ለማወቅ የ24 ሰዓት ሽንት ተጠራቀመ። ትእዛዙ ግልጽ ነው፦ የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ይደፋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በጀሪካን ይጠራቀማል፣ የማግስቱ የመጀመሪያ ሽንት ተጨምሮ ይዘጋል። ውጤቱ 700 ሚሊሊትር ሽንት፣ 3.9 ግራም ፕሮቲን ሆነ። የሽንት መጠኑ ከየካቲት 1 ጀምሮ ላሲክስ ወይም ፉሮሴማይድ የሚባለውን የሽንት ማብዣ ለሚወስድ ሰው አነስተኛ ስለሆነ ሐኪሟ በዚያው ሽንት ውስጥ ክሪያቲኒን እንዲለካ አዘዘች፤ 0.6 ግራም ወጣ። 58 ኪሎ የሚመዝን ጡንቻው የጠነከረ ወጣት በቀን ከ1.2 እስከ 1.4 ግራም ክሪያቲኒን ያወጣል። ስለዚህ የተጠራቀመው ከግማሽ የማይበልጥ ሽንት ነው። ሲጠየቅ ሥራ ቦታ ጀሪካን ይዞ መሄድ አፍሮ እንደነበር ተናገረ። ናሙናው ግን አልተጣለም። ፕሮቲኑ ለክሪያቲኒኑ ሲካፈል፣ 3.9 ለ0.6፣ 6.5 ይሰጣል፤ ይህ ጥምርታ ሽንቱ ቢጎድልም ብዙ አይዛባም። በእውነተኛው የቀን ክሪያቲኒን ሲባዛ ፕሮቲኑ በቀን 8 ግራም ገደማ ይሆናል። ኔፍሮቲክ የሚባለው ከ3.5 ግራም ጀምሮ ነው። 3.9 ተብሎ ቢላክ ኖሮ ድንበሩን ጥቂት ያለፈ ይመስል ነበር።

በማይክሮስኮፕ በአንድ መስክ ከሁለት እስከ አራት ቀይ ሴል ታየ፤ ቀይ ሴሎች በኩላሊት ቱቦ ውስጥ ተጣብቀው የሚሠሩት ቅርጽ፣ የቀይ ሴል ካስት፣ የለም። የዚህ አለመኖር መጻፍ አለበት። ካስት ቢኖር፣ ክሪያቲኒኑም በቀናት ውስጥ እየወጣ ቢሆን፣ ማጣሪያው በፍጥነት እየተቃጠለ ስለሆነ ወጣቱ በዚያው ቀን መላክ ነበረበት።

ሁለተኛው ደብዳቤ የካቲት 7 ቀን ተጻፈ። እንደ ልማዱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ይዘቱ በአማርኛ ይህ ነው፦

«ለኩላሊት ስፔሻሊስት። ጥያቄዬ፦ የ24 ዓመት ወንድ፣ አዲስ የተገኘ ኔፍሮቲክ ሲንድሮም አለው። የኩላሊት ናሙና እንዲወሰድለትና ሕክምናው እንዲወሰን በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ። የምቸኩልበት ምክንያት አልቡሚኑ 1.7 በመሆኑና የደም መርጋት አደጋ ስላለበት ነው፤ የደም ማቅጠኛ ያስፈልገው እንደሆነ ምክርዎን እሻለሁ።

ከታኅሣሥ 20 ጀምሮ በዓይን ቆብ፣ ከሳምንት በኋላ በእግሩ እብጠት፤ የማይጠፋ አረፋ ያለው ሽንት። ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ሽፍታ የለም። ስኳርም ግፊትም ኖሮበት አያውቅም፤ በቤተሰብ የኩላሊት ሕመም የለም። ክብደት ከሕመሙ በፊት 58 (ራሱ እንደተናገረው)፣ የካቲት 1 ቀን 69፣ ዛሬ 67.4 ኪሎ። ግፊት 118 በ76። እብጠት እስከ ጭን። ባት ቀኝ 38፣ ግራ 39 ሴንቲሜትር፣ ሕመም የለውም።

የሽንት ፕሮቲን ለክሪያቲኒን ጥምርታ 6.5፤ የ24 ሰዓቱ ክምችት ጎደሎ ነው። የቀይ ሴል ካስት የለም። አልቡሚን 1.7፣ ኮሌስትሮል 384። ክሪያቲኒን የካቲት 1 ቀን 0.9፣ የካቲት 5 ቀን 1.0። ፖታሲየም 3.6። በባዶ ሆድ ስኳር 88። ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ የቂጥኝ ምርመራ ሁሉም ነጻ። ሄሞግሎቢን 14.2፣ ፕሌትሌት 312,000፣ አይ ኤን አር 1.0። አልትራሳውንድ፦ ሁለት ኩላሊት፣ 11.4 እና 11.6 ሴንቲሜትር፣ መዘጋት የለም። የደረት ራጅ ንጹሕ። ያልተሠሩ፦ የሉፐስ ምርመራ እና ኮምፕሊመንት፤ እኛ ጋ የሉም።

የወሰዳቸው፦ ዲክሎፌናክ 50 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከኅዳር 25 እስከ ታኅሣሥ 16። ፕሬድኒሶሎን 20 ሚሊግራም በቀን፣ ከጥር 18 እስከ 26፤ ከዚያ ቆሟል። ፉሮሴማይድ 40 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ከየካቲት 1፣ ምላሹ ደካማ ስለነበር ከየካቲት 5 ወደ 80 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ። አስፒሪን አይወስድም። የመድኃኒት አለርጂ የለበትም። ፕሬድኒሶሎንም ኢናላፕሪልም አልጀመርኩም። በሰገራ ምርመራ ጥገኛ ተሐዋሲ አልታየም፤ አንድ ምርመራ ስትሮንጊሎይድስን እንደማያስቀር አውቃለሁ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሁለት ውሳኔዎች ማብራሪያ ይፈልጋሉ። አንደኛው ፕሬድኒሶሎን አለመጀመሯ ነው። በሕፃናት ላይ እንዲህ ያለው እብጠት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ናሙና ሳይወሰድ ስቴሮይድ ይጀመራል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ለስቴሮይድ በፍጥነት የሚመለሰው ሚኒማል ቼንጅ የሚባለው ዓይነት አላቸው። በአዋቂ ግን ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ስቴሮይድ አይፈልጉም፣ አንዳንዶቹም ሌላ መድኃኒት ይፈልጋሉ። ክሪያቲኒኑ እስካልወጣ ድረስ ናሙናው እስኪወሰድ ጥቂት ቀን መጠበቅ ከሚጎዳው የሚጠቅመው ይበልጣል። የግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪልም ፕሮቲኑን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ላሲክስ በእጥፍ በጨመረችበት ሳምንት ብትጀምረውና ክሪያቲኒኑ ቢወጣ፣ በበሽታው ይሁን በመድኃኒቱ ማንም መለየት አይችልም ነበር።

ሁለተኛው የላሲክስ መጨመር ነው። አንጀቱም ስለሚያብጥ የሚዋጠው ላሲክስ በዝግታ ይገባል፣ 40 ሚሊግራም አንዳንዴ ከቶ አይሰማም። እስከ 1 ኪሎ በቀን መቀነስ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከፈጠነ ደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይጎድልና ኩላሊቱ ራሱ ይጎዳል፣ ደምም ይበልጥ ለመርጋት ይመቻል። ለዚህ ነው ክብደቱ ከነቀኑ የተጻፈው።

ለወጣቱም የተነገረው አለ። ሰፈር ውስጥ «ኩላሊትህን ታጠብበት» ተብሎ በቀን አራት ሊትር ውሃ ይጠጣ ነበር፤ እብጠት ላለበት ሰው ይህ በተቃራኒው ነው። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳይበልጥ ተባለ። ይህን ሲሉ ግን በርበሬና ሹሮ ሲፈጩ ጨው እንደሚገባባቸው መንገር ግድ ነው፤ አለዚያ ወጥ ላይ አልጨመርንም ብለው ከመጠኑ ያልፋሉ። ፕሮቲን ስለሚፈስ እንቁላል ያብዛ የሚለው ምክርም ተነሳ፤ የበዛው ፕሮቲን በዚያው ማጣሪያ በኩል ይፈሳል እንጂ አልቡሚኑን አያነሳም፤ የወትሮውን ይብላ። አንድ እግሩን ለይቶ ካመመው፣ ደረቱን ከወጋው ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ወይም ትኩሳትና የሆድ ሕመም አብረው ከመጡ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ድንገተኛ ክፍል እንዲሄድ ለወንድሙም ተነገረ።

ደብዳቤው በላይዘን ክፍል በኩል ተልኮ ወጣቱ የካቲት 10 ቀን ታየ። ምርመራዎቹ ተሟልተው ስለነበር ናሙናው በሦስተኛው ቀን ተወሰደ፤ የደም ማቅጠኛውም ከናሙናው በኋላ፣ ደም መፍሰስ አለመኖሩ ከተረጋገጠ፣ በመከላከያ መጠን ተጀመረ። የሉፐስ ምርመራው ነጻ ወጣ። የካቲት 23 በደረሰው የናሙና ውጤት 14 ማጣሪያዎች ታይተው ሁሉም በተራ ማይክሮስኮፕ ጤናማ መሰሉ፤ ይህ ከሚኒማል ቼንጅ ጋር ይስማማል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስላልታየና የታዩት ማጣሪያዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ እዚህም እዚያም ብቻ የሚጎዳው ጠባሳማ ዓይነት ሊያመልጥ እንደሚችል ስፔሻሊስቱ በመልስ ወረቀቱ ላይ ጽፏል። በስቴሮይድ ሥር ሊበረታ የሚችለውን ስትሮንጊሎይድስ የተባለ የአንጀት ትል የሚገድለው አይቨርሜክቲን ከተሰጠው በኋላ ፕሬድኒሶሎን 60 ሚሊግራም በቀን ተጀመረ። መጋቢት 28 ቀን፣ በአምስተኛው ሳምንት፣ ሽንቱ ላይ ፕሮቲን ጠፋ፤ አልቡሚኑ 3.6፣ ክብደቱ 58.5 ኪሎ ሆነ።

የመልስ ወረቀቱ ለጠቅላላ ሐኪሟ ሦስት ሥራ ይሰጣል። መድኃኒቱ በዝግታ እየተቀነሰ ሳለ የደም ስኳርና ግፊት በየሁለት ሳምንቱ ይለካ። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ዳግመኛ እንዳይሰጠው በካርዱ ፊት ላይ በቀይ ይጻፍ፤ ለወገቡ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ወጣቱም የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ተሰጥቶት በሳምንት አንድ ጠዋት ራሱ ይንከር፤ ሦስት ፕላስ ካየ በሚቀጥሉት ሁለት ጠዋቶችም ይንከር፤ ሦስቱም ቀን በተከታታይ ሦስት ፕላስ ከሆነ፣ ፊቱ ባያብጥም፣ በዚያው ሳምንት ይምጣ።